አንድ አክሲዮን፣ አንድ ቀን፣ ሁለት የቪዋፕ መስመር

እኔና ጓደኛዬ በአንድ ቀን፣ በአንድ አክሲዮን ላይ፣ አንድ ዓይነት መስመር፣ ቪዋፕ የሚባለውን የዕለቱን አማካይ ዋጋ መስመር፣ እያየን ተገበያየን። እኔ መስመሩ ተነክቷል ብዬ ገዛሁ። እሱ ደግሞ በዚያው ደቂቃ «ገና ነው፣ አልተነካም» ብሎ ቁጭ አለ። ሁለታችንም ዋሽተን አይደለም፤ ስክሪናችን ላይ ያለውን ነው የተናገርነው። ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብን። ያንን ቀን ከነቁጥሩ የምጽፈው ቪዋፕን ለሚጠቀም ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ እሱ ቨርጂኒያ። እሱ ሌሊት ይሠራል፣ ጠዋት ከሥራ ሲወጣ ገበያው ሊከፈት ሲል ይደርሳል። እኔ ደግሞ ሥራዬ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ የኔ ነው። ያን ቀን ግን እረፍቴ ስለነበር እስከ መዝጊያው ቆየሁ። ሰዓቶቹን ሁሉ ቻርቱ ላይ እንዳሉት በኒውዮርክ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ገበያው 9:30 ይከፈታል፣ 4:00 ላይ ይዘጋል። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚከታተል፣ በአሜሪካ በጋ መክፈቻው ከቀኑ 10:30 ላይ ይውላል።

አክሲዮኑ የአንድ ትልቅ የቺፕ አምራች ነው። ስሙ ለታሪኩ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ነገር በቀን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር አክሲዮን የሚገበያይበት መሆኑ ነው። በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ሳንቲም አያልፍም። መቶ አክሲዮን ስትገዛ ዋጋውን አታንቀሳቅሰውም። የዋዜማው ምሽት ገበያው ከተዘጋ በኋላ ኩባንያው የሩብ ዓመት ውጤቱን አወጣ፣ ውጤቱም ጥሩ ነበር። ዋጋው ከ172 ዶላር ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 184 ላይ ተከፈተ።

መጀመሪያ ስለ መስመሩ። ቻርቱ ላይ VWAP ተብሎ የሚታየው ነገር የዕለቱ አማካይ ዋጋ ነው፤ ግን ተራ አማካይ አይደለም። ሽንኩርት ገዛህ እንበል። 10 ኪሎ በ50 ብር፣ 90 ኪሎ በ60 ብር። ሁለቱን ዋጋ ደምረህ ለሁለት ብታካፍል 55 ይመጣል። ኪስህ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው። ለ100 ኪሎ 5,900 ብር ከፍለሃል፣ ስለዚህ አንድ ኪሎ 59 ብር ወጥቶበታል። ቪዋፕ ይህ 59 ነው። ብዙ የተገበያየበት ዋጋ ብዙ ይመዝናል።

```
VWAP = Σ(P × V) / ΣV
```

P ዋጋው ነው፣ V የተገበያየው ብዛት። ድምሩ በየቀኑ ከዜሮ ይጀምራል። የትናንቱ አይቆጠርም። ስለዚህ መስመሩ የሚነግርህ አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ የገዛ ሰው በአማካይ ስንት ከፍሏል? ዋጋው ከመስመሩ በላይ ከሆነ የዛሬ ገዢ በአማካይ አትርፏል። በታች ከሆነ ከስሯል። ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

አሁን ወደ ቀኑ እንግባ። ከ9:30 እስከ 10:00 12 ሚሊዮን አክሲዮን ተገበያየ፣ አማካይ ዋጋው 185.00 ዶላር። ይህ ቁጥር የመክፈቻውን ጨረታም ይጨምራል። በመቀጠል እስከ 10:30 ሌላ 6 ሚሊዮን በአማካይ 186.00 ተገበያየ። ስሌቱ በእጅ የሚሠራ ነው፦ 12 በ185 ሲባዛ 2,220፣ 6 በ186 ሲባዛ 1,116፣ ድምሩ 3,336። ለ18 ሲካፈል 185.33። 10:30 ላይ የኔ መስመር እዚያ ነበር። ዋጋው ደግሞ 187 አካባቢ።

እኔ ዋጋው ሲሮጥ አልገዛም። መስመሩ ድረስ ተመልሶ ሲመጣ እጠብቃለሁ። ሲደርስም ወዲያው አልገባም፤ የአምስት ደቂቃውን የዋጋ እንቅስቃሴ በቻርቱ ላይ የሚያሳየው ካንድል ከመስመሩ በላይ እስኪዘጋ እቆያለሁ። 10:48 ላይ ዋጋው እስከ 185.40 ወረደ። መስመሩ በዚያ ሰዓት 185.45 ደርሶ ነበር። ካንድሉ ከመስመሩ በላይ ተዘጋ። 100 አክሲዮን በ185.70 ገዛሁ፣ ዋጋው ከወረደ ሸጦ ኪሳራዬን የሚቆርጠውን ስቶፕ 185.10 ላይ አስቀመጥኩ። 11:20 ላይ ዋጋው የጠዋቱን ጫፍ ሊነካ ሲል በ186.90 ሸጥኩ። 120 ዶላር አተረፍኩ።

ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ።

«ገባህ አይደል?» አልኩት።

«የት ገብቼ! መስመሩን መች ነካና? አንድ ዶላር ይቀረው ነበር እኮ ወንድሜ።»

«ምን አንድ ዶላር? በሳንቲም አልፎት ተመለሰ!»

«184.40 ላይ ነው ያለው ያንተ መስመር ወይስ የት ነው?»

የኔ 185.45 ነበር። በመካከላችን የአንድ ዶላር ልዩነት አለ። አንዳችን የተሳሳተ ቻርት ከፍተናል ብለን ተከራከርን፤ ከዚያ ስልኩን ዘጋንና ወደየስክሪናችን ተመለስን። ያን ጊዜ ቁጭ ብለን ብንፈታው ከሰዓት በኋላ የሆነው ባልሆነ ነበር።

ልዩነቱ የመጣው ከፕሪማርኬት፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ከሚደረገው ግብይት፣ ነው። የሱ ቻርት ላይ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ያለው ግብይት ክፍት ነበር። እኛ በምንጠቀመው ፕላትፎርም ይህ ሲከፈት የቪዋፕ ድምር 9:30 ላይ ሳይሆን 4:00 ላይ፣ ገና ሌሊት፣ ይጀምራል። በተራ ቀን ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ በፕሪማርኬት የሚገበያየው ትንሽ ስለሆነ 9:45 ሳይሞላ ይዋጣል። የውጤት ማግስት ግን ተራ ቀን አይደለም። ያን ጠዋት ከመክፈቻው በፊት 5 ሚሊዮን አክሲዮን በአማካይ 180.00 ተገበያይቷል። ያ 5 ሚሊዮን የሱ ድምር ውስጥ አለ፣ የኔ ውስጥ የለም።

እስከ 11:00 በመደበኛው ሰዓት 22 ሚሊዮን ተገበያይቶ የገንዘቡ ድምር 4,080 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለ22 ሲካፈል 185.45። ይህ የኔ ነው። በዚያ ላይ የፕሪማርኬቱን 5 ሚሊዮን አክሲዮንና የተከፈለበትን 900 ሚሊዮን ዶላር ጨምር፦ 4,980 ለ27 ሲካፈል 184.44። ይህ የሱ ነው። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው፤ የተጠየቁት ጥያቄ ግን ይለያያል። የኔ መስመር «ከመክፈቻው በኋላ የገዛው ስንት ከፈለ?» ይላል። የሱ «ከሌሊቱ 4:00 ጀምሮ የገዛው ስንት ከፈለ?» ይላል።

እሱ «የኔ ይሻላል፣ ዜናውን ሰምተው የገዙትን ሁሉ ይጨምራል» ብሎ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ቻርቱ እንደዚያ አያደርግም። ዜናው የወጣው በዋዜማው ምሽት ከ4:00 በኋላ ነው። ምሽቱን የተገበያየው በፕላትፎርሙ አቆጣጠር የትናንት ቀን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሱ መስመር ዜናውን ሰምተው በመጀመሪያው ሰዓት የገዙትን ትቶ ሌሊት የነቁትን ብቻ ይይዛል። ከዜናው ደቂቃ መጀመር የፈለገ ሰው መነሻውን በእጁ የሚተክልበት ሌላ መሣሪያ አለ። የዕለቱ ቪዋፕ ያንን አይሠራም።

የኔ ምርጫ 9:30 ነው። ምክንያቱ የመስመሩ አመጣጥ ነው። ቪዋፕ የተስፋፋው ለእንደኛ ዓይነቱ ነጋዴ አይደለም። ጡረታ ፈንድን የመሰለ ትልቅ ገዢ አንድ ሚሊዮን አክሲዮን ሲያስገዛ ብሮከሩ በጥሩ ዋጋ ገዝቶለት እንደሆነ መለኪያ ይፈልጋል። የዕለቱን አማካይ ያስቀምጥና ከዚያ በታች ከተገዛለት ደስ ይለዋል። ለአንድ ቀን የሚሰጥ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ በመደበኛው ሰዓት ነው የሚፈጸመውና የሚለካው። ብዙ ሰው የሚለካበትን መስመር ማየት ከፈለግህ ሰዓትህም ከነሱ ጋር ይስማማ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ቦታ ተጣሞ ስለምሰማው ነው። «ትልልቆቹ መስመሩ ላይ ቆመው ይከላከሉታል» ይባላል። እንደዚያ አይሠራም። በቪዋፕ እንዲገዛ የታዘዘ አልጎሪዝም ትእዛዙን ቆራርሶ ገበያው በሚገበያይበት ፍጥነት ልክ ቀኑን ሙሉ ያከፋፍለዋል። ብዙ ሲገበያይ ብዙ ይገዛል፣ ጥቂት ሲሆን ጥቂት። ዋጋው ከመስመሩ በላይም ሆነ በታች ሲሆን ይገዛል። ግቡ አማካዩን መምሰል እንጂ መስመሩ ላይ ሄዶ መጠበቅ አይደለም። መስመሩ ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ እንደኔና እንደ ጓደኛዬ ያለ፣ ያንኑ መስመር ስክሪኑ ላይ የሚያይ ሰው ነው። ስለዚህ መስመሩን እንደ ግድግዳ ካየኸው ባዶ ቦታ ላይ ትደገፋለህ። ይህንን እያወቅሁ ነው ከሰዓት በኋላ የተሳሳትኩት።

ከ11:20 በኋላ ዋጋው ቀስ እያለ ወረደ። የምሳ ሰዓት ነው፤ በዚህ ሰዓት ግብይት ይቀዘቅዛል። ከ11:00 እስከ 1:00 ባሉት ሁለት ሰዓታት 6 ሚሊዮን ብቻ ተገበያየ፣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከተገበያየው እኩሌታ ማለት ነው። አማካዩ 186.20። መስመሬ 185.61 ላይ ቆመ። ዋጋው ከ12:45 ጀምሮ መስመሩ ላይ ተቀመጠ።

1:15 ላይ ካንድሉ ከመስመሩ በላይ ሲዘጋ የጠዋቱን ነገር ደገምኩ። በ185.75 ገዛሁ፣ ስቶፕ 185.15። ተመታ። 60 ዶላር ሄደ። 1:50 ላይ እንደገና በላይ ተዘጋ፣ በ185.65 ገዛሁ፣ ስቶፕ 185.10። 2:15 ላይ እሱም ተመታ። 55 ዶላር። ከጠዋቱ 120 የተረፈኝ 5 ዶላር ነው። ደንቡ ያው ነው፣ መስመሩ ያው ነው፣ አክሲዮኑ ያው ነው። ምን ተለወጠ?

የተለወጠው የመስመሩ ክብደት ነው። 9:35 ላይ ድምሩ ውስጥ 3 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር እንበል። አንድ ሚሊዮን አዲስ ሲገባ መስመሩን በ10 ሳንቲም ለማንቀሳቀስ ከመስመሩ በ40 ሳንቲም ርቆ መገበያየት ይበቃዋል። 10:00 ላይ 12 ሚሊዮን አለ፤ ለዚያው 10 ሳንቲም 1.30 ዶላር መራቅ አለበት። 1:00 ላይ 28 ሚሊዮን አለ፤ አሁን 2.90 ዶላር ያስፈልጋል። መስመሩ እየከበደ ሄዶ ከሰዓት በኋላ መንቀሳቀስ ያቆማል ማለት ይቻላል። ጠዋት ዋጋውን እየተከተለ የሚወጣ መስመር ነበር። ከሰዓት በኋላ ያለፈውን የሚያስታውስ እንጂ አሁን የሚሆነውን የማይሰማ መስመር ሆነ።

ይህ ቻርቱ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ከ10:00 እስከ 11:00 መስመሩ በአንድ ሰዓት 45 ሳንቲም ወጣ። ከ11:00 እስከ 1:00 ግን በሁለት ሰዓት 16 ሳንቲም ብቻ። ሌላም ምልክት ነበር። ጠዋት ከ11:00 በፊት አንድም የአምስት ደቂቃ ካንድል ከመስመሩ በታች አልተዘጋም። ከ12:45 እስከ 2:15 ባሉት 18 ካንድሎች ግን ዋጋው መስመሩን 6 ጊዜ አቋርጦ ተዘጋ። ዋጋ በየሦስት ካንድሉ የሚያቋርጠው መስመር ላይ «በላይ ተዘጋ» ማለት ምንም አይነግርህም፤ በታች መዘጋቱም እንደዚያው።

ሦስተኛውን ምልክት ያሳየኝ ጓደኛዬ ነው፣ እኔ ፈጽሞ አላየሁትም። ጠዋት የአንድ ካንድል ቁመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 50 ሳንቲም ያህል ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ 20 እና 25 ሳንቲም ወርዷል። እኔ ግን አሁንም 1.20 ዶላር ትርፍ እየጠበቅሁ ነው። በዚያ ፍጥነት ዋጋው በአንድ አቅጣጫ ሳይመለስ አምስት ስድስት ካንድል መሄድ ነበረበት። መስመሩን እየዞረ በሚንገዋለል ዋጋ ይህ የሚሆን አልነበረም።

የጓደኛዬ ተራ 2:40 ላይ መጣ። ዋጋው ወደ 184.90 ወርዷል። ከ1:00 እስከ 2:30 የተገበያየው 5 ሚሊዮን በአማካይ 185.40 ስለነበር የሱ መስመር 184.85 ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጠብቀው የነበረው ነገር ደረሰ፤ ዋጋው መስመሩን ነካ። በ184.95 መቶ አክሲዮን ገዛ፣ ስቶፕ 184.45። ዋጋው ምንም ሳያመነታ እስከ 184.10 ወረደ። 50 ዶላር ከሰረ።

በዚያው ደቂቃ የኔ ስክሪን ላይ ቪዋፕ 185.58 ነበር። ለእሱ ዋጋው ከላይ መጥቶ ድጋፍ ላይ ያረፈ ነው። ለኔ ደግሞ ከመስመሩ ከ60 ሳንቲም በላይ የወረደና ከ9:30 ወዲህ የገዛው ሁሉ በአማካይ ኪሳራ ውስጥ የገባበት ነው። ጠዋት 185 እና 186 ላይ የገዙ ሰዎች መውጫ እየፈለጉ በነበረበት ሰዓት እሱ «ርካሽ ነው» ብሎ ገባ። እኔ ጋ ደውሎ ቢሆን ኖሮ እነግረው ነበር። ጠዋት ግን ተኮራርፈን ነው የተለያየነው። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቅዳሜ ቡና አፍልተን ሁለቱንም ላፕቶፕ ጎን ለጎን አስቀመጥን። መጀመሪያ የሱን ቻርት ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ያለውን ግብይት ዘጋንበት። መስመሩ ወዲያው ወደ ላይ ዘለለና የኔ ላይ አረፈ። ሙሉ በሙሉ ግን አልተገጣጠሙም፤ 2 ሳንቲም ልዩነት ቀረ። እሱ የአንድ ደቂቃ ካንድል ይጠቀማል፣ እኔ የአምስት። ብዙ ፕላትፎርም እያንዳንዱን ግብይት አይቆጥርም፤ የካንድሉን ከፍተኛ፣ ዝቅተኛና መዝጊያ ዋጋ ደምሮ ለሦስት ያካፍልና በካንድሉ ውስጥ በተገበያየው ብዛት ያባዛል። ካንድሉ ሲረዝም ግምቱ ሻካራ ይሆናል። ለዚህ ነው ስቶፕን ከመስመሩ ሁለት ሳንቲም በታች ማስቀመጥ ትርጉም የሌለው። መስመሩ ራሱ በሁለት ሳንቲም እርግጠኛ አይደለም።

ጓደኛዬ ፕሪማርኬቱን ቻርቱ ላይ ማየት ይወዳል፣ ጋፑን፣ ከትናንት መዝጊያ እስከ ዛሬ መክፈቻ ያለውን የዋጋ ዝላይ፣ ስለሚያሳየው። ስለዚህ ግብይቱ እየታየ ድምሩ ግን 9:30 ላይ እንዲጀምር ይህችን አጭር ኮድ በትሬዲንግቪው የቻርት ፕላትፎርም ጻፍን፦

```
//@version=5
indicator("VWAP 9:30", overlay=true)
v = ta.vwap(hlc3, session.isfirstbar_regular)
plot(session.ismarket ? v : na, style=plot.style_linebr)
```

ሦስተኛው መስመር ድምሩን በመደበኛው ሰዓት የመጀመሪያ ካንድል ላይ ከዜሮ ያስጀምረዋል። አራተኛው ከመደበኛው ሰዓት ውጭ መስመሩን ይደብቃል። በትክክል እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ የመጀመሪያውን ካንድል ብቻ ማየት ይበቃል። መስመሩ የ9:30ው ካንድል አካል ውስጥ ወይም ከጫፎቹ መካከል መጀመር አለበት። ከካንድሉ ውጭ፣ ከታች ወይም ከላይ ተንጠልጥሎ ከጀመረ ከመክፈቻው በፊት የሆነ ነገር እየቆጠረ ነው። የጓደኛዬ መስመር ያን ጠዋት ከመጀመሪያው ካንድል ዝቅተኛ ዋጋ በታች ነበር የጀመረው። ምልክቱ ዓይናችን ሥር ነበር።

ስለ ከሰዓት በኋላው የተስማማነው ደግሞ ይህን ነው። መስመሩን እንደ መግቢያ የምንጠቀመው እየወጣ ወይም እየወረደ እስካለ ብቻ ነው። እኛ የምናየው ባለፈው ግማሽ ሰዓት ስንት ሳንቲም ተንቀሳቀሰ የሚለውን ነው። ከአንድ ካንድል ቁመት ግማሽ ያነሰ ከሆነ መስመሩ ተኝቷል እንላለን። በዚያ ቀን 10:30 ላይ በግማሽ ሰዓት 33 ሳንቲም ወጥቶ ነበር፣ የካንድሉ ቁመት 50፤ አለፈ። 1:00 ላይ በግማሽ ሰዓት 4 ሳንቲም ያህል፣ የካንድሉ ቁመት ከ20 በላይ፤ ወደቀ። ይህ መለኪያ የኛ ነው፣ ከራሳችን ማስታወሻ የወጣ። በሌላ አክሲዮን ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል።

መስመሩ ሲተኛ አንጥለውም። አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቀዋለን፦ የዛሬ ገዢ አትርፏል ወይስ ከስሯል? 2:40 ላይ መልሱ «ከስሯል» ነበር። ያን ማወቅ ብቻ ጓደኛዬን ከመግዛት ባገደው ነበር።

ይህ ሁሉ ብዙ ለሚገበያይ አክሲዮን ነው። በቀን ሁለት መቶ ሺህ ብቻ በሚገበያይ አክሲዮን አንድ ሃምሳ ሺህ የሆነ ግብይት ሲመዘገብ መስመሩ በአንድ ካንድል ይዘላል። ያ የብዙ ሰው አማካይ ሳይሆን የአንድ ሰው ዋጋ ነው። የኛ ቺፕ አምራች ላይ ሃምሳ ሺህ ቢመጣ ማንም አያየውም።

በቀጣዩ ሰኞ 10:15 ላይ ስልኬ ጮኸ።

«185 ከስንት ነው ያንተ?»

«ሰላሳ ሁለት።»

«የኔ ሰላሳ አንድ» አለና ሳቀ። «በል እንጠብቅ።»